አጥቢያ ላይ የወጣው ዱቄት

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ቡሬ ውስጥ በአንድ ዱቄት ፋብሪካ የምርት መጋዘን እሠራለሁ፤ ፈረቃዬ ከማታ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ሰኔ 30 ማታ ለዓመቱ ቆጠራ ተብሎ ወፍጮው ቆመ። ሌሊቱን ምርት አልተረከብኩም። የወጣውም ቀን በዝናብ ምክንያት ሳይጫን የቆየ የአንድ ኤፍ ኤስ አር መኪና ጭነት ብቻ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አስጭኜ፣ ሰነድ ሠርቼ፣ ገቢና ወጪ ከምመዘግብበት ቢን ካርዴ ቀንሼ ሸኘሁት። ጠዋት ጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ አስገብታዋለች፤ ስታስገባ ቆሜ አይቻለሁ። ከዚያ ኮሚቴው ሲቆጥር የ50 ኪሎው ዱቄት 2,126 ከረጢት ሆነ። ከሒሳብ ክፍል የመጣው ዝርዝር ግን 2,340 ይላል። የ214 ከረጢት ጉድለት ተባለ። የኔ ቢን ካርድ ደግሞ 2,140 ነው፤ ከሁለቱም አይገጥምም። የቀን ፈረቃው ባልደረባዬ ‹ካርድህን ከቆጠራው ጋር አስተካክለውና ተገላገል› ይለኛል። ሥራ አስኪያጁ ‹ጉድለቱን አምነህ ፈርም፣ በየወሩ ይቆረጥልሃል› ብሎኛል። ዋሴ አጎቴ ነው፤ ያለው ሁለት በሬና አንድ ቆርቆሮ ቤት ነው። አንድ ከረጢት አልነካሁም። ምን ላድርግ?»

የሌሊት ተረኛው፣ ከቡሬ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እስክሪብቶህን አስቀምጥ። ካርዱን እንዳትነካው። አንድ ቁጥር እንዳትሰርዝ፣ እንዳትደርብ፣ ቀን እንዳትቀይር። ባልደረባህ ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል። ግን የሚመክርህ ያለህን አንድ ምስክር በገዛ እጅህ እንድታጠፋ ነው።

ለምን እንደሆነ ላሳይህ። ሁሉም ሰው 214 እያለ ነው የሚጮኸው። አንተም ደንግጠህ 214 ትላለህ። 214 የሚባል ጉድለት ግን የለም። ከኮምፒውተሩ 2,340 እስከ ካርድህ 2,140 ድረስ 200 ነው። ከካርድህ 2,140 እስከ ቆጠራው 2,126 ድረስ 14 ነው። እነዚህ ሁለቱ የማይተዋወቁ ነገሮች ናቸው። ምክንያታቸውም መልሳቸውም ይለያያል። ሁለቱን የለየልህ ካርድህ ነው። ካርዱን 2,126 ብታደርገው ኖሮ አንድ ትልቅ 214 ብቻ ይቀርና ማንም ሊፈታው አይችልም ነበር።

እንግዲህ 200ውን እንያዝ። ኤፍ ኤስ አሩ ስንት እንደጫነ አልጻፍክልኝም። እኔ ግን በአንድ ኤፍ ኤስ አር 100 ኩንታል ሲጫን ስንት ጊዜ አይቻለሁ። 100 ኩንታል በ50 ኪሎ ከረጢት 200 ይሆናል። እንግዲህ ኮምፒውተሩና ካርድህ የተለያዩበት ቁጥር ያ መኪና ይዞት የሄደው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

«ጸሐፊዋ ስታስገባ አይቻለሁ» ብለሃል። አምንሃለሁ። አስገብታዋለች። ችግሩ ያስገባችበት ቀን ላይ ነው።

እኛ ስለ ሌሊት ስንናገር አንድ ጥሩ ቃል አለን። «ሰኔ 30 ለሐምሌ 1 አጥቢያ» እንላለን። አንተም ደብዳቤህን ስታነበው የሌሊቱን ሥራ ሁሉ የሰኔ 30 ማታ ቅጥያ አድርገህ ነው የተረክኸው። ትክክል ነው። ማታ 4 ሰዓት የገባ ሰው እስኪነጋ ድረስ ቀኑ አንድ ነው። ሰነዱም ላይ 30/10 ብለህ እንደጻፍክ እወራረዳለሁ። ኮምፒውተሩ ግን አጥቢያ አያውቅም። ለእሱ ሌሊት 6 ሰዓት ሲሆን ቀኑ ተገልብጧል። የሚቆጥረውም በፈረንጅ ነው። ሰኔ 30 ለእሱ 07/07 ነው፤ ሐምሌ 1 ደግሞ 08/07። ጸሐፊዋ ጠዋት ስትገባ የቀን ሳጥኑ ላይ 08/07 ተሞልቶ ይጠብቃታል። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች ያንን ሳጥን አይነኩትም። «አስገባ» የሚለውን ትነካለች፣ ይገባል።

ሒሳብ ክፍል ደግሞ ለኮሚቴው ዝርዝር ሲያወጣ «እስከ 07/07» ብሎ ነው የሚያወጣው። የበጀት ዓመቱ እዚያ ላይ ያበቃላ። ስለዚህ ያንተ 200 ከረጢት ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ግን የለም። በዝርዝሩ ዓይን ዱቄቱ ገና መጋዘን ውስጥ ተደርድሯል። በእውኑ ግን ኮሚቴው ጠዋት ሲደርስ መኪናው ከቡሬ ርቆ ሄዷል።

ይህን ለማረጋገጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጸሐፊዋን በትህትና «የ50 ኪሎውን ሪፖርት እስከ 08/07 አውጪልኝ» በላት። 2,340 የነበረው 2,140 ሆኖ ከወጣ ነገሩ አልቋል። 2,140 ካልሆነ ደግሞ እኔ ተሳስቻለሁ ማለት ነው። ያኔ ከሰኔ መጀመሪያ ጀምሮ የኮምፒውተሩን ወጪና የካርድህን ወጪ መስመር በመስመር ማስተያየት ይኖርብሃል። መጀመሪያ ግን ቀላሉን ሞክር።

ሪፖርቱ ብቻውን አይበቃህም፤ ወረቀት ያስፈልግሃል። የወጪ ሰነዱን ቅጂ ከጥራዝህ ላይ አውጣ። ቁጥሩን ያዝ። ከዚያ በር ላይ ሄደህ የጥበቃውን መዝገብ አሳይ በላቸው። ታርጋው፣ የወጣበት ሰዓትና የመውጫ ፈቃዱ ቁጥር እዚያ አለ። ፋብሪካችሁ የመኪና ሚዛን ካለው የሚዛኑ ወረቀት አለ፤ እሱ ላይ ሰዓቱ ታትሞ ነው የሚወጣው፣ ማንም በእጁ አልጻፈውም። የሽያጩ ደረሰኝ ደግሞ ሽያጭ ክፍል ነው። የደረሰኙን ቀን በደንብ እየው። መኪናው በዝናብ የዘገየ ስለሆነ ደረሰኙ የተቆረጠው ሰኔ 30 ቀን ላይ መሆን አለበት።

ይቺ የደረሰኝ ቀን ትንሽ ትመስላለች፤ ለሒሳብ ክፍሉ ግን ዋናዋ ነገር ናት። ደረሰኙ የሰኔ ከሆነ ገንዘቡ በአሮጌው ዓመት ሽያጭ ውስጥ ገብቷል። ዱቄቱ ደግሞ በሐምሌ ወጣ ተብሏል። አንድ ዱቄት በአንድ በኩል ተሽጧል፣ በሌላ በኩል አሁንም የፋብሪካው ንብረት ሆኖ ተመዝግቧል። የዚያ ዓመት ትርፍ በዚያ ልክ ያብጣል። ኦዲተር ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ከዓመቱ መጨረሻ በፊትና በኋላ ያሉትን ጥቂት ሰነዶች አንስቶ ዕቃው፣ ወረቀቱና መዝገቡ በአንድ ወገን መሆናቸውን ያያል። ስለዚህ ይህን ስታነሳ ሒሳብ ክፍሉን እየከሰስክ አይደለም። ከኦዲተሩ በፊት እየነገርካቸው ነው። እንዲያውም በዚህ አነጋገር ብትገባ ይሻልሃል።

ማስተካከያው ሁለት ዓይነት ነው። ወይ ሰነዱን ወደ ሰኔ 30 ይመልሱትና መዝገቡ 2,140 ይሆናል። ወይ ሰነዱን በሐምሌ ይተዉትና ቆጠራው ላይ 200 ይደምሩበታል፤ 2,326 ይሆናል። በሁለቱም መንገድ ልዩነቱ 14 ነው። የትኛውን እንደሚመርጡ የእነሱ ውሳኔ ነው። አንተ የምትጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱንም እንዳያደርጉት። አንዱ ሰነዱን ወደኋላ ይመልሳል፣ ሌላው ሳያውቅ ቆጠራው ላይ ይደምራል። ያኔ ጉድለቱ ጠፍቶ 186 ከረጢት ትርፍ ይወጣል። ትርፍ ሲወጣ ሰው ደስ ይለዋል። ትርፍ ማለት ግን መዝገብ የማያውቀው ዱቄት ማለት ነው። መዝገብ የማያውቀውን ዱቄት በሌሊት ይዞት የሚወጣ ሰው አይጠፋም።

(ለሚቀጥለው ዓመት ልንገርህና ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ቆጠራ ሊጀመር ሲል ኮሚቴው የመጀመሪያውን መስመር «የመጨረሻው የገቢ ሰነድ ቁጥር ይህ ነው፣ የመጨረሻው የወጪ ሰነድ ቁጥር ይህ ነው» ብሎ መጻፍ ነበረበት። ቀን ሳይሆን ቁጥር። ቀን ያከራክራል፤ ቁጥር ግን አያከራክርም። ይህች አንድ መስመር ብትኖር ኖሮ ደብዳቤ አትጽፍልኝም ነበር።)

አሁን 14ቱ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። 200ው የወረቀት ነገር ነው። 14ቱ ግን በካርድህና በዓይን በሚታየው ዱቄት መካከል ነው፤ ኮምፒውተሩን መውቀስ አይቻልም።

መጋዘን ዞረህ ከመፈለግህ በፊት ቁጥሩን ራሱን ጠይቀው። የድሮ ሒሳብ ሠራተኞች ያስተማሩኝ ነው። መጀመሪያ ለ9 አካፍለው። አንድ ሰው 73ን 37 ብሎ ሲጽፍ፣ 210ን 120 ሲል፣ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። 14 ለ9 አይካፈልም። ስለዚህ አኃዝ ተገለባብጦ ነው ብለህ ቀንህን አታቃጥል።

ቀጥሎ ለ2 አካፍለው። 7 ነው። 7 ከረጢት የወጣበት ሰነድ ተሳስቶ በገቢው ዓምድ ላይ ቢሰፍር ካርዱ በ14 ይበልጣል። 7 መቀነስ ሲገባው 7 ተደምሯላ። እንግዲህ ካርድህን ያዝና በገቢው ዓምድ ላይ 7 የሚል ፈልግ። የወፍጮ ምርት በብዙ መቶ ነው የሚገባው። 7 ከረጢት ብቻ ገባ የሚል መስመር ካየህ እሱ ነው፤ ሰነዱን አውጥተህ እየው። እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራው ብዙ ጊዜ ፈረቃ ሲቀያየር፣ አንዱ ጃኬቱን እየለበሰ ሌላው እያወለቀ ሳለ ነው።

ሦስተኛ፣ በ25 ኪሎ መንዝረው። 14 ባለ 50 ኪሎ ማለት 28 ባለ 25 ኪሎ ነው። የ25 ኪሎው ዱቄት ቆጠራ እንዴት ሆነ? አልነገርከኝም። ምናልባት ማንም አላየው ይሆናል፤ ሰው ጉድለት ሲፈልግ ትርፍ ያለበትን ካርድ አያይም። እዚያ 28 ትርፍ ካለ አንድ ቀን የ25 ኪሎ ምርት ተረክበህ በ50 ኪሎው ካርድ ላይ በኩንታል አስበህ ጽፈኸዋል ማለት ነው። 7 ኩንታል ነው፣ በዚህም ካርድ 14 ይሆናል። ትርፉ ሌላ ቁጥር ከሆነ ግን ለማስገጠም አትጣር፤ ጉዳዩ ሌላ ነው።

ሦስቱም ካልሰጡህ ያኔ ጫማህን አጥብቀህ መጋዘን ግባ። ብቻህን አትግባ። ከኮሚቴው አንድ ሰው፣ ከቀን ፈረቃው አንድ ሰው ይዘህ ግባ። ሌሊት ብቻህን ገብተህ «አገኘሁት» ብትል ማን ያምንሃል?

ፓሌት ላይ የሚደረደርበትን መንገድ ታውቀዋለህ። በአንድ ረድፍ 5፣ ወደ ላይ 6 ረድፍ፣ በአንድ ፓሌት 30 ነው ብለን እንያዝ። ኮሚቴ ሲቆጥር ፓሌቱን ቆጥሮ በ30 ያባዛል። 70 ፓሌት 2,100፣ ያልሞላው ፓሌት ላይ 26፣ ድምር 2,126። ማባዛት ግን ያልታየውን አያውቅም። ከግድግዳው ጋር የተጠጋ ፓሌት ካለ፣ ከፊቱ ያለው ይሸፍነዋል። አሁን ክረምት ነው፤ ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ጫኞቹ ጥቂት ከረጢት አንስተው ደረቅ ጥግ ላይ አድርገው ይሆናል። እንዲህ የተነሳ ዱቄት ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

ከሁሉ በፊት ግን የተቀደዱትን እይ። ዱቄት መጋዘን ውስጥ የተቀደደ ከረጢት የማይቀመጥበት ጥግ አይቼ አላውቅም። መንጠቆ ያገኘው አለ፣ ስፌቱ የለቀቀ አለ፣ አይጥ የነካው አለ። «እንደገና ይሰፋል» ተብሎ ይቀመጣል፣ ቆጣሪው መጥቶ «ይሄ ቆሻሻ ነው» ብሎ ያልፈዋል። በካርድህ ላይ ግን ያ ከረጢት ሙሉ ነው። ወጪ ሰነድ አልተሠራለትማ። እነሱን በእንጨት ላይ ደርድራቸው፣ ሚዛን ላይ አውጣቸው፣ እያንዳንዱ ስንት ኪሎ እንደሆነ ይጻፍ። የፈሰሰው ተጠርጎ በማዳበሪያ ተሞልቶ ካለ እሱም ይመዘን። ዱቄትነቱ ቢበላሽም የት እንደደረሰ ያሳያል።

ደግሞ የሚያሳፍር ጥያቄ ልጠይቅህ። የሠራተኛ ክበቡ ዳቦ የሚጋግርበት ዱቄት ከየት ይወጣል? «አንድ ከረጢት ስጠው፣ ነገ ሰነድ ይሠራለታል» ተብለህ የሰጠኸው የለም? አለቃ በቃል ሲያዝ እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። በቁራጭ ወረቀት የተጻፈ ማስታወሻ ካለ ከመሳቢያህ አውጣ። ማስታወሻ ከሌለ የክበቡን ሴቶች ጠይቅ። እነሱ ስንት ከረጢት እንደጋገሩ ከሒሳብ ክፍል ይልቅ ያስታውሳሉ።

ይህን ሁሉ አድርገህ 9 ወይም 10 አግኝተህ 4፣ 5 ከረጢት ሊቀርህ ይችላል። ይቅር። እንደቀረ ጻፈው። ዜሮ ለማድረግ እንዳትሞክር።

ይህን የምልህ ስለተቃጠልኩበት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ደብረ ማርቆስ ውስጥ የግንባታ ዕቃ መጋዘን ላይ እሠራ ነበር። ቆጠራው ነገ ነው፣ እኔ ደግሞ ዛሬ ማታ ለራሴ ቆጥሬ 11 ከረጢት ሲሚንቶ ጎደለብኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ሌሊቱን ተነስቼ «በዝናብ ተበላሽቶ የተወገደ 11» ብዬ ወጪ ጻፍኩ። ጠዋት ካርዴ ከቆጠራው ጋር ፍጥም አለ። ኮሚቴው አመሰገነኝ። በሳምንቱ የሰነዱን ጥራዝ ስገልጥ ካርቦኑ ስር ተጣብቆ የቀረ ያልተመዘገበ አንድ የወጪ ሰነድ ወጣ። 11 ከረጢት ሲሚንቶ፣ የደንበኛው ፊርማ ያለበት። ጉድለት አልነበረብኝም። ሰነዱ ሲመዘገብ ግን 11 ትርፍ ሆነ። ኦዲተሩ መጣና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ «የተበላሸውን ሲሚንቶ ማን አይቶ አስወገደው?» መልስ አልነበረኝም። ጎደለ ብዬ ብጽፍ ኖሮ በሳምንቱ ንጹሕ ነበርኩ። ለሌለ ጉድለት የፈጠርኩት ውሸት ግን ከደረጃዬ አወረደኝ።

ወደ ፊርማው እንምጣ። ሁለት ወረቀት አለ፤ አትቀላቅላቸው። አንደኛው የቆጠራ ቅጹ ነው። እሱ «2,126 ቆጠርን» ይላል። እውነት ከሆነ ፈርም። ከፊርማህ አጠገብ በእጅህ «በወጪ ሰነድ ቁጥር ይህን ያህል የወጣው ጭነት በዝርዝሩ ላይ አልተቀነሰም፤ ዳግም ቆጠራና ማመሳከር እጠይቃለሁ» ብለህ ጻፍና ፎቶ አንሳው። ሁለተኛው ሥራ አስኪያጁ ያቀረበልህ ነው። እሱን አትፈርም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ለምን አትፈርም? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 ከደመወዝ መቁረጥን በዝርዝር ነው የያዘው። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ካልተስማማ፣ አሠሪው በራሱ ፈቃድ አይቆርጥም። ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ከአንድ ሦስተኛ አይበልጥም። አየህ፣ ሥራ አስኪያጁ ፊርማህን የፈለገው ለሥርዓት ብቻ አይደለም። ፊርማህ ያ «በጽሑፍ ስምምነት» ይሆንበታል። ስትመልስለት ድምፅህን ከፍ አታድርግ። «ጋሼ፣ ማመሳከሩ ያልቅና እውነተኛው ጉድለት ስንት እንደሆነ ይታወቅ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» በለው። እምቢታ አይመስልም፣ እምቢታ ግን ነው። በማግስቱ ይህንኑ በጽሑፍ ለሒሳብ ክፍል ኃላፊው አስገባ፣ ቅጂው ላይ «ደርሶኛል» አስፈርም።

ለቀሩት ጥቂት ከረጢቶች ደግሞ አንድ ጥያቄ አለ። መጋዘኑን የምትጠቀሙት ሦስት ፈረቃ ናችሁ። ማታ 4 ሰዓት ስትገባ ቆጥረህ ነው የተረከብከው ወይስ ቁልፉን ብቻ? እንደኛ አገር ልማድ ከሆነ ቁልፉን ብቻ ነው። እንዲህ ከሆነ 5ቱ ከረጢት በየትኛው ፈረቃ እንደጠፋ አንተም ሥራ አስኪያጁም አታውቁም። ለአንተ ብቻ የሚጫንበት ምክንያትም የለም። ይህን ሳትፈራ በል። ከአሁን በኋላ ግን በየፈረቃው ርክክብ ይኑር። ሁለት ሺህ ከረጢት በየሌሊቱ ይቆጠር አላልኩም፤ ማንም አይችለውም። ሙሉ የሆኑት ፓሌቶች ብዛት ይቆጠር፣ በፈረቃው የተነካው ፓሌት ብቻ በከረጢት ይቆጠር። ሩብ ሰዓት ነው። ሁለታችሁ ትፈርማላችሁ። ባልደረባህ «እርስ በርስ አንተማመንም ወይ?» ሊልህ ይችላል። «እንተማመናለን፣ ግን አጎቴ በሬዎቹን አስይዟል» በለው።

አጎትህን በሚመለከት፦ የዋስትናውን ወረቀት ቅጂ ፈልግና አንብበው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ዋሱ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚጠየቅ ያልተጻፈበት የዋስትና ውል አይጸናም። የተጻፈ ከሆነም ከዚያ ልክ አያልፍም። ደግሞም ዋስ የሚከፍለው አንተ በእርግጥ ዕዳ ካለብህ ነው፤ ኮምፒውተር ውስጥ ቀኑ ተሳስቶ የቆመ 200 ከረጢት የማንም ዕዳ አይደለም። ወረቀቱ ግራ ካጋባህ ጠበቃ ወይም የወረዳችሁን የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አሳይ። ለአጎትህ ግን ዛሬውኑ ራስህ ደውልለት። ቡሬና ገጠሩ ሩቅ አይደለም፤ ገበያ የወጣ ሰው «ልጁ 214 ከረጢት አጉድሏል» ብሎ ሳይነግረው ይቅደምህ። 214 አትበለው። «14 እያመሳከርን ነው» በለው። እሱ ነው እውነቱ።

ጸሐፊዋ ሪፖርቱን እስከ 08/07 ስታወጣልህ ስንት እንዳለ ጻፍልኝ። የተቀደዱትም ስንት እንደሆኑ፣ የ25 ኪሎው ካርድም ምን እንደሚል።